የቤት ግንባታ ቁጥጥር እንደ ጡረታ ሥራ በጎንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይት ላይ ቆሜ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሰዎችን የመኖሪያ ቤት ግንባታ እየዞርኩ አያለሁ፤ የሚከፍሉኝ ባለቤቶቹ ናቸው። ጡረታ የወጡ መሐንዲሶች፣ ፎርማኖችና የቀድሞ ተቆጣጣሪዎች ስለዚሁ ሥራ ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤአለሁ።

ሥራው በትክክል ምንድን ነው?

ቤት ለሚያሠራ ሰው ዐይን መሆን ነው። ተቋራጭ አይሆኑም፣ ሠራተኛ አይቀጥሩም፣ ቀኑን ሙሉም ሳይት ላይ አይውሉም። አንድ ቤት ከመሠረት እስከ ጣራ ብዙ ወራት ይፈጃል። ኋላ ሊታረም የማይችል ጥፋት የሚፈጸመው ግን በጣም ጥቂት በሆኑ ቀኖች ነው፦ የመሠረቱ ጉድጓድ ከመሞላቱ በፊት፣ ፌሮው አርማታ ከመልበሱ በፊት፣ አርማታው በሚፈስበት ዕለት፣ ቧንቧው በልስን ከመሸፈኑ በፊት። በሌሎቹ ቀኖች የተጣመመ ብሎኬት ቢደረደር ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል፤ የሚባክነው ገንዘብና ጊዜ ነው። አርማታ ውስጥ የተቀበረ ስህተት ግን ቤቱ እስካለ አብሮት ይኖራል።

ሥራው ለጡረተኛ የሚስማማው በዚሁ ምክንያት ነው። ለአንድ ፎቅ ቤት ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ጉብኝት ይበቃል። ከእነዚህ ውስጥ ሙሉ ቀን የሚያስውሉት ሦስት ገደማ ናቸው፤ ሌሎቹ ከሁለት ሰዓት አያልፉም።

ደንበኞቹ እነማን ናቸው?

ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ውጭ አገር ሆኖ ለቤተሰቡ ወይም ለራሱ የሚያሠራው ነው። ገንዘቡን ይልካል፣ ወንድሙ ወይም አጎቱ ይከታተላል፣ ፎቶ በቴሌግራም ይደርሰዋል፤ ፎቶው ላይ ግን የሚታየው ግድግዳ ነው እንጂ የፌሮው ርቀት አይደለም። ሁለተኛው እዚሁ ከተማ ያለ ነጋዴ ወይም ሠራተኛ ነው፤ ማታ ማታ ሳይቱን ዞሮ ያያል፣ የሚያየውን ግን አያነበውም።

ሁለቱም የሚመጡት በሰው ነው። በዕድር፣ በማኅበር፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ በሚነሳ ወሬ። የንግድ ካርድ አሳትሜ ነበር፤ እስካሁን በካርዱ የመጣ አንድም ሰው የለም።

ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ገንዘብ የሚቀበሉበት ሥራ ስለሆነ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። በግንባታ ማማከር ዘርፍ ፈቃድ ለማውጣት ደግሞ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ደንበኛ ከመፈለግዎ በፊት ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ሄደው ያለዎት ማስረጃ ለየትኛው መደብ እንደሚያበቃዎት ይጠይቁ።

ከወረቀቱ ይልቅ ልብ ሊሉት የሚገባው ድንበሩን ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ከፍሏል። በዚያ አዋጅ አከፋፈል ባለ አንድ ወለል ሆኖ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ቤት በምድብ ሀ ይወድቃል፤ ፎቅ ሲጨመርበት ወደ ለ ይሻገራል። ሕጉ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በሚጠይቅበት ሕንፃ ላይ እርስዎ ያንን ባለሙያ አይተኩም፣ የከተማውን የሕንፃ ሹምም አይተኩም። ንድፍ ላይ አይፈርሙ፣ ንድፍም አይለውጡ። የእርስዎ ሥራ የጸደቀው ንድፍ መሬት ላይ ሲወርድ እንደተሣለው መውረዱን ማየት ነው።

የመጀመሪያው ጉብኝት መቼ ነው?

ዶማ ከመነሳቱ በፊት። ንድፉን ቤት ወስጄ አንድ ምሽት አነበዋለሁ፤ ማግስቱን ባለቤቱን፣ ንድፉንና የሠራተኞቹን አለቃ ካፖውን ሳይት ላይ አገናኛለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው ነገር ካፖው ንድፉ ላይ የስትራክቸሩን ገጽ ጨርሶ አላየም፤ የያዘው የክፍሎቹን አከፋፈል ብቻ ነው። የፌሮውን ቁጥር «እንደተለመደው» ብሎ ከልምዱ ያወጣዋል። ስለዚህ የስትራክቸሩን ገጽ በትልቁ አሳትሜ በላስቲክ ሸፍኜ ሳይት ላይ እንዲሰቀል አደርጋለሁ። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በአዘዞ በኩል መሬቱ ያስቸግራል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሁሉም ቦታ ግን አይደለም። ጎንደር ከተማ ራሷ በአብዛኛው ኮረብታ ላይ ናት፤ ትንሽ ሲቆፈር ወይ የበሰበሰ ድንጋይ ወይ ጥቁር ድንጋይ ይገኛል። ወደ አዘዞ ሜዳ ሲወርዱ ግን መረሬ አለ። መረሬ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ ያለውን ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካዩ፣ በጋ ሲሰፋና ክረምት ሲጠብ ካስተዋሉ፣ ምክንያቱ ልስን አይደለም።

በበጋ መሬቱን ማየት ነገሩን ያቀልለዋል። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ መረሬ ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር ካፖው ንድፉ ላይ ያለው ጥልቀት ላይ ሲደርስ ማቆም ይፈልጋል፤ የተከፈለው በዚያ ልክ ነውና። እኔ የምጠይቀው ግን ጥቁሩ አፈር አልቆ ጠንካራው ተነካ ወይ የሚለውን ነው። ካልተነካና ጥልቀቱ የሚቀየር ከሆነ ንድፉን የሠራውን መሐንዲስ ጠርቼ ጉድጓዱን እንዲያይ አደርጋለሁ፤ በራሴ አልወስንም።

ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መሙያው ነው። የተቆፈረው ጥቁር አፈር አጠገብ ስለተከመረ ለሠራተኛ የሚቀልለው እሱኑ መመለስ ነው። ወለሉ ሥር መረሬ ከተመለሰ መሠረቱን አጥልቆ መቆፈሩ በከንቱ ቀረ፤ ወለሉ ብቻውን ይነሳል። መሙያው ገረጋንቲ መሆን አለበት፤ በ20 ሴ.ሜ. ንብርብር ውኃ እየጠጣ መጠቅጠቅ ይኖርበታል። ይህን ቀን ሳልናገር እሄዳለሁ። የመረሬው ክምር በማግስቱ ቀንሶ ካገኘሁት የት እንደሄደ እጠይቃለሁ።

ፌሮ ላይ ምን ምን ልይ?

ቁጥሩን፣ ውፍረቱን፣ መደራረቢያውን፣ ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈውን የስታፋውን ርቀትና ከካሳፎርማው ያለውን ክፍተት። ቁጥሩን መቁጠር ቀላል ነው። ውፍረቱን ግን ዐይን ያታልላል፤ ገበያ ላይ 14 ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን ፌሮ አለ። መላው ሚዛን ነው። የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝተው ለ162 ሲያካፍሉት የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ባለ 14 ፌሮ 196 ለ162 ሲካፈል 1.21 ኪሎ ነው፤ 12 ሜትር የሆነው ሙሉ ዘንግ 14 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ከሱቁ የመጣውን አንድ ዘንግ አስመዝነው 13 ካነበቡ ገና ሳይታጠፍ ይመለስ።

ኮለን ላይ ከሥር የወጣው ፌሮና ከላይ የሚቀጠለው ቢያንስ የውፍረቱን 40 ወይም 50 እጥፍ ያህል ተደራርበው መታሰር አለባቸው፤ ትክክለኛው ልክ ንድፉ ላይ አለ። ለባለ 14 ፌሮ ከ56 እስከ 70 ሴ.ሜ. ማለት ነው። ፌራዮው ፌሮ ለመቆጠብ ሲል 30 ላይ ይቆርጠዋል። ስታፋው ደግሞ ኮለኑ ከቢም ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ጠበቅ ጠበቅ ብሎ መደርደር ሲገባው እዚያው ላይ ይሳሳል፤ እጅ ለማስገባት ስለሚያስቸግር ነው። የስታፋው ጫፍም ወደ ውስጥ፣ ወደ አርማታው እምብርት መታጠፍ አለበት እንጂ ጥግ ላይ ተነካክቶ መቅረት የለበትም።

ፌሮ፣ ፌራዮ፣ ስታፋ፣ ካሳፎርማ፣ አርማታ፣ ካፖ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ፒያሳ ያሉትን ሕንፃዎች የሠሩት ጥለውን ሄዱ፣ ቃላቸው ሳይት ላይ ቀረ። መሐንዲስ ሆነው የእንግሊዝኛውን ስም ብቻ የሚያውቁ ከሆነ የሠራተኛውን ቃል ይማሩ፤ «ስተራፕ» ሲሉ ማንም ዞሮ አያይዎትም።

አርማታ የሚፈስበት ቀን ምን እሠራለሁ?

ይህ ቀን የሥራው ልብ ስለሆነ አንድ ጊዜ የገጠመኝን በዝርዝር ልንገርዎት።

ባለቤቱ ውጭ አገር ነው። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ ሶሌታው ማለትም የፎቁ የአርማታ ወለል 90 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴ.ሜ.። 90 በ0.15 ሲባዛ 13.5 ሜትር ኩብ አርማታ ይሆናል። አብሮ የሚፈሰው ቢም 4 ሜትር ኩብ ነበር፤ በጠቅላላ 17.5። ንድፉ የሚጠይቀው ሲ 25 የሚባለውን የአርማታ ጥንካሬ ደረጃ ነው። በሳጥን ሲለካ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ማለት ነው። ሳጥኑ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 18 ሴ.ሜ. ሲሆን 36 ሊትር ይይዛል፤ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። በዚህ አለካክ አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 360 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም 7.2 ከረጢት ሲሚንቶ ይበላል። ለ17.5 ሜትር ኩብ 126 ከረጢት። ይህን ቁጥር ማታ ቤቴ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነው የሄድኩት።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳይት ደረስኩ። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቅይጦች ቆሜ አየሁ፤ ልኩ ትክክል ነበር። ከዚያ ላይ ወጥቼ ፌሮውን ማየት ነበረብኝ። ሰው የእጅ ጋሪ እየገፋ ሲመላለስ የላይኛውን ፌሮ ረግጦ ያስተኛዋል። በተለይ ከግድግዳው ወጥቶ የተንጠለጠለው በረንዳ ላይ ሸክሙን የሚይዘው የላይኛው ፌሮ ነው፤ ተረግጦ ወደ ታች ከወረደ በረንዳው ያለ ፌሮ እንደተሠራ ይቁጠሩት። እዚያ መረማመጃ ጣውላ እስኪዘረጋ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ።

6 ሰዓት ላይ ግማሹ ፈሰሰ። ወረድኩና ባዶ ከረጢት ቆጠርኩ። ግማሹ 8.75 ሜትር ኩብ ነው፤ 63 ከረጢት መሆን ነበረበት። ያገኘሁት 49 ነው።

ካፖውን ጠራሁት። «ጋሼ፣ ቆጠራው ተሳስቶ ይሆናል፣ ልጆቹ ለማገዶ ወስደውት ይሆናል» አለኝ። ሙሉዎቹን ቆጠርን፤ ከመጋዘን የወጣው 49 ብቻ ነበር። ቅይጡ ጋ ስቆም ነገሩ ተገለጠ። እኔ ላይ ሳለሁ ልኩ ወደ ሦስት አሸዋና አራት ጠጠር ተቀይሯል። እንደዚያ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ 5 ከረጢት ተኩል ብቻ ይበላል፤ 8.75 ሲባዛ በ5.5 ደግሞ 48 ነው። ደብተሬና መሬቱ ተገናኙ።

ሥራው በዚያው ተቋርጦ አልቆመም፤ አርማታ መሀል ላይ ሲቆም ሌላ ጉዳት አለው። ቀሪው ግማሽ በትክክለኛ ልክ እንዲፈስ አደረግሁ፣ ከእያንዳንዱ አካባቢ 15 በ15 በ15 የሆኑ ኩቦች ተወሰዱ፣ የፈሰሰበት ሰዓትና ቦታ ተጻፈ። ማታውን ለባለቤቱ ደወልኩ፣ ንድፉን ለሠራው መሐንዲስም ነገርኩት። የጠዋቱ ግማሽ ድጋፉ ሳይነሳ እንዲቆይ ተደረገ፤ የኩቦቹ ውጤት በ28 ቀን ከመጣ በኋላ መሐንዲሱ እንደገና አስልቶ ያ ክፍል ከባድ ግድግዳ እንዳይጫንበት ወሰነ። ላዩ ላይ ሊሠራ የነበረው ግድግዳ ቦታውን ቀየረ። የማፍረስ ዕዳ አልመጣም፤ ያልመጣውም ከምሳ በፊት ስለቆጠርኩ ነው። ማታ ብቆጥር ኖሮ የሚቀየር ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ባዶ ከረጢት ይቁጠሩ። በጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ማታ። ሳይት ላይ ከዚህ የረከሰና ከዚህ የማይዋሽ መሣሪያ አላውቅም።

ውኃስ? ሁሉም «ሲቀጥን ነው የሚገባው» ይላሉ።

ቀጭን አርማታ ለመግፋት ይቀላል፤ ለዚህ ነው የሚወዱት። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ውኃ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያ ያነሰ። 35 ሊትር ሲገባ ጥንካሬው ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ውኃ በጎማ ቧንቧ በቀጥታ የሚገባ ከሆነ ማንም ሊለካው አይችልም፤ በባልዲ እንዲሆን ከጠዋቱ ይስማሙ። ባልዲውን እርስዎ ራስዎ በሊትር ለክተው ምልክት ያድርጉበት።

አሸዋውንም አስቀድመው ይፈትኑት። በብርጭቆ ጠርሙስ 10 ሴ.ሜ. ያህል አሸዋ፣ ከላዩ ውኃና አንድ ማንኪያ ጨው፣ በደንብ ነቅንቆ ሦስት ሰዓት ማስቀመጥ። ከላይ የተኛው ጭቃ ከ6 ሚ.ሜ. ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ሹፌሩ ሳያራግፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ከተራገፈ በኋላ የሚመለስ አሸዋ አላየሁም።

ከፈሰሰ በኋላ የእኔ ሥራ አለቀ?

አላለቀም፣ ግን ስልክ ይበቃል። ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ እንዲጠጣና በጆንያ ወይም በላስቲክ እንዲሸፈን እነግራለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሳልናገር ብቅ እላለሁ። የባሕር ዛፍ ድጋፉ ሶሌታ ሥር ቢያንስ 14 ቀን፣ ቢም ሥር 21 ቀን ይቆይ። ካፖው ቶሎ ማንሳት የሚፈልገው እንጨቱን ለሌላ ሳይት ስለሚፈልገው ነው፤ ስለዚህ የሚነሳበትን ቀን በውል ላይ አስቀድሜ አስጽፋለሁ።

ስንት ላስከፍል?

የከተማው ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የምነግርዎት አሰላሉን ነው። አጭር ጉብኝትን አንድ ብለው ይቁጠሩ፤ አርማታ የሚፈስበትን ሙሉ ቀን ሦስት። ለአንድ ፎቅ ቤት ስምንት አጭር ጉብኝትና ሦስት ሙሉ ቀን ቢኖር 8 ሲደመር 9፣ 17 ይሆናል። ለአንዱ፣ ለምሳሌ ያህል፣ 2,000 ብር ቢሉ ሥራው በጠቅላላ 34,000 ብር ነው። የባጃጅ ወይም የታክሲ ወጪዎን፣ ማታ ሪፖርት የሚጽፉበትን አንድ ሰዓት፣ ግብሩንም አንዱ ዋጋ ውስጥ አስገብተው ይተምኑ።

ከግንባታው ወጪ በመቶኛ አይቀበሉ። ወጪው በጨመረ ቁጥር ገቢዎ የሚጨምር ከሆነ ባለቤቱ አንድ ቀን ይጠረጥርዎታል፤ ትክክልም ነው። ክፍያውን በደረጃ ያድርጉት፦ ሲጀመር ሲሶ፣ ሶሌታው ሲፈስ ሲሶ፣ ሲያልቅ ሲሶ። የመጨረሻዋ ሲሶ ብዙ ጊዜ ትዘገያለች፤ ቀድመው ይወቁት።

ውል ላይ ምን ይጻፍ?

አንድ ገጽ ይበቃል። የትኞቹን ቀኖች እንደሚገኙ በስም ይዘርዝሩ። ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ከሁለት ቀን በፊት ሊያሳውቅዎት እንደሚገባ ይጻፉ፤ ሳይነገርዎት ለተሸፈነ ሥራ ኃላፊ አለመሆንዎን ይጨምሩ። ይህች መስመር አንድ ጊዜ ረድታኛለች፤ ቅዳሜ ማታ ተቻኩለው ያፈሰሱት ኮለን ሰኞ ሲፈታ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ሆኖ ወጣ፣ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ። ደብተሬንና ውሉን አወጣሁ።

ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ ግማሽ ገጽ ሪፖርት ይላኩ፦ ቀኑ፣ ምን እንደለኩ፣ ምን እንዲታረም እንዳዘዙ፣ ታርሞ እንዳዩት ወይም እንዳላዩት። ፎቶው ውስጥ ሁልጊዜ የተዘረጋ ሜትር ይታይ። ሜትር የሌለበት የፌሮ ፎቶ የትኛውም ሳይት ፎቶ ሊሆን ይችላል።

ባለቤቱ ዕቃውንም አንተው ግዛልኝ ቢለኝስ?

እምቢ ይበሉ። ሲሚንቶ የገዛ ሰው ሲሚንቶ ሊቆጥር አይችልም። ከሱቅ ኮሚሽን፣ ከካፖ «የቡና» የሚባለውንም እንዲሁ። ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፤ ሳሙና በር የተቀበሉት ማራኪ ሳይደርሱ ይሰማል።

ዘመድ በነፃ እየው ሲለኝ?

ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። «አንተ እያለህልን» ይባላል፣ ምሳ ይጋበዛል፣ ከዚያ ቡናው ላይ ንድፉ ይወጣል። እኔ ያገኘሁት መንገድ አንድ ጉብኝት በነፃ መስጠት ነው፤ ጉድጓዱን ብቻ። ከዚያ በላይ ከሆነ «ሥራዬ ነው፣ እንደ ሰው ሁሉ ውል እንጻፍ» እላለሁ። ሁለት ዘመዶች ተቀይመዋል። አንደኛው ኋላ ተመልሶ መጥቷል።

ካፖው ጠላት ቢያደርገኝስ?

በመጀመሪያ ቀን ባለቤቱ ፊት «የማያውቅ» አስመስለው ካዋረዱት በእርግጥ ያደርግዎታል፤ ከዚያ በኋላ የሚደበቅብዎት ነገር ይበዛል። ስህተቱን ለእሱ ለብቻው ይንገሩት፣ እስከ ነገ ጊዜ ይስጡት፣ ካልታረመ ብቻ ወደ ባለቤቱ ይውሰዱት። ጥሩ የሠራውንም ሪፖርቱ ላይ ይጻፉለት። ከእኔ ጋር ሦስት ቤት የሠራ ካፖ ዛሬ ራሱ ደንበኛ ይልክልኛል፤ የእሱ ዋጋም አብሮ ከፍ ስላለ ነው።

የሙያ መስኬ ስትራክቸር አይደለም። የኤሌክትሪክ ወይም የቧንቧ ሰው ነኝ፤ ሒሳብ ሠራተኛ የነበርኩስ?

የኤሌክትሪክና የቧንቧ ባለሙያ ከልስን በፊት ያለው ቀን የእሱ ቀን ነው። ቧንቧው በግፊት ተሞክሮ አንድ ሌሊት ማደሩን፣ የሽቦው ማሳለፊያ አለመታጠፉን፣ የመሬት መስመሩ መኖሩን የሚያይ ሰው እኔ ራሴ እፈልጋለሁ፤ ለሁለት ጉብኝት ጠርቼ ከራሴ ድርሻ እከፍላለሁ። ሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ደግሞ ውጭ ላለ ባለቤት የተላከውን ገንዘብ፣ ደረሰኙንና ሳይት ላይ የገባውን ዕቃ በየወሩ ቢያስታርቅለት ገበያ አለው። 126 ከረጢት መግባት ያለበት ሶሌታ ላይ 170 ከረጢት ተገዝቶ ሲገኝ ጥያቄውን የሚያነሳው እሱ ነው። የተቀሩት ሙያዎች የራሳቸው ገበያ አላቸው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

ዕድሜዬ 66 ነው፤ መወጣጫ ላይ መውጣት ግዴታ ነው?

በምስማር የተያያዘ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ አይውጡ። ደም ግፊት ካለብዎት በቀትር ፀሐይ ሶሌታ ላይ መቆምም አይመከርም። እኔ ከሁለተኛው ወለል በላይ ላለው ሥራ አንድ ወጣት የኮንስትራክሽን ምሩቅ ይዤ እሄዳለሁ፤ እሱ ወጥቶ ሜትሩን ይዘረጋል፣ በስልክ ያሳየኛል፣ እኔ ከታች ሆኜ እጽፋለሁ። የቀን አበሉን እኔ እከፍለዋለሁ። ሄልሜትና ወፍራም ጫማ ግን መሬት ላይ ቢሆኑም ያድርጉ፤ ምስማር የዕድሜ ልዩነት አያውቅም።

ሥራው ዓመቱን ሙሉ አለ?

የለም። ሐምሌና ነሐሴ ጉድጓድ ውኃ ይሞላል፣ በአዘዞ በኩልም መኪና አይገባም። ባለቤቱ በክረምት መሠረት ላስቆፍር ካለኝ እስከ መስከረም መጨረሻ እንዲቆይ እመክራለሁ፤ ሥራ ቢያስቀርብኝም። ጥድፊያው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። በአንድ ጊዜ ከሦስት ቤት በላይ አልይዝም፤ አራተኛውን በያዝኩ ጊዜ ሁለት ሶሌታ በአንድ ቀን ፈስሰው አንዱ ጋ ቀትር ላይ ከረጢት የሚቆጥር ሰው አልነበረም።